«እሺ ልጄ» ስምምነት አይደለም

ዳይሬክተራችን ከሀገር ፍቅር ቴአትር እየሮጠ መጣ። እኔ እዚያው ፒያሳ አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ የቀዘቀዘ ማኪያቶ ይዤ እየጠበቅኩት ነበር። ገና ወንበር ሳይስብ «አለቀ!» አለኝ። «እሺ አሉኝ!»

ቴአትሩ አልቆ ጋሼ በጓሮ በር ሲወጡ ጠብቋቸው ኖሯል። እጃቸውን ይዞ ስለ ፊልማችን ነገራቸው። ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እሺ ልጄ፣ ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብለውት ወደ መኪናቸው ገቡ።

የጋሼን ስም እዚህ አልጽፍም። ተዋናይ ናቸው፤ ድምፃቸውን በሬዲዮ ብትሰሙት ፊታቸው የሚመጣላችሁ ዓይነት ሰው። እኔ ደግሞ ፕሮዲውሰር ነኝ። ፕሮዲውሰር ሲባል ገንዘብ ያለው ሰው ለሚመስላችሁ፦ እኔ ገንዘቡን ለምኜ የማመጣውና ያለቀ ዕለት የምሰደበው ነኝ።

ያን ምሽት ዳይሬክተሩን ለማስደሰት ብዬ እኔም «አለቀ» አልኩ። እውነቱን ግን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። በእኛ አገር «እሺ» ብዙ ነገር ነው። «ሰማሁህ» ነው። «መንገዱን ልቀቅልኝ» ነው። «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ነው። ጥር 20 ማለዳ ቀረጻ ቦታ እገኛለሁ ማለት ግን አይደለም።

በማግስቱ ስልካቸውን ለሚያነሱት ሴት ደወልኩ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ተዋናይ ወኪል የለውም፤ በቀጥታ ነው የሚደወልለት፣ በዝቶ ከሆነ ባለቤቱ ወይም እህቱ ታነሳለች። ጋሼ ግን ወኪል አላቸው። ሥራቸውን ለዓመታት የያዙላቸው፣ ቀጠሮውንም ዋጋውንም የሚያውቁ ወይዘሮ ናቸው። ስለ ምሽቱ «እሺ» ነገርኳቸው። ሳቁ። «ለሁሉም እኮ ነው እሺ የሚሉት። እኔ ለዚህ ነው ያለሁት። በደብዳቤ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ደብዳቤ ነው። ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ያሳፍረኛል።

ፊልማችን 14 ደቂቃ ነው። አንዲት ልጅ የሞተ አባቷን የእጅ ሰዓት ለማሠራት ፒያሳ ወዳለ አሮጌ ሰዓት ሠሪ ትሄዳለች። ለጋሼ ያሰብነው ሰዓት ሠሪውን ነው። ሁለት ትዕይንት፣ አሥራ አንድ ንግግር፣ ሁለት ገጽ ከሩብ። በሙያው ግምት አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ከፊልሙ ውስጥ የእሳቸው ድርሻ ሁለት ደቂቃን ብዙም አያልፍም። ሰዓቱን ከፍተው አይተው «አልተበላሸም እኮ። የሚሞላው ሰው ነው የጠፋው» ይሏታል። ያችን አንዲት ንግግር የሚናገርልን ሰው ነበር የምንፈልገው።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ «የሀገራችን የጥበብ ዋርካ ለሆኑት» ብሎ ይጀምራል። ሁለት አንቀጽ ሙሉ ምስጋና ነበር። ከዚያ «ትንሽ ነገር ግን ወሳኝ የሆነ ሚና» የሚል ሐረግ አለ። ከዚያ ፊልሙ ለሀገር ገጽታ ስለሚያበረክተው አስተዋፅኦ። መጨረሻ ላይ «ክፍያን በተመለከተ በአካል ተገናኝተን የምንወያይ ይሆናል»። ቀኑንና ሰዓቱን ደግሞ ከቀረጻ መርሐ ግብራችን እንዳለ ቀድቼ «ጥር 21 ከ7:00 እስከ 13:00» ብዬ አስገባሁ።

ወይዘሮዋ በማግስቱ ደወሉ።

«ወንድሜ፣ 13 ሰዓት የሚባለው መቼ ነው?»

የመርሐ ግብሩ ሶፍትዌር የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እኔ ስጽፍ 7:00 ማለዳ ነበር፤ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። እሳቸው ያነበቡት ሰባት ሰዓት ነው፤ ምሳ ሰዓት። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀረጻው ሊበላሽ የሚችለው እዚህ ላይ ነበር። የሰዓት ሠሪው ሱቅ በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ የምታርፈው እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ይይዛታል። ጋሼ ሰባት ሰዓት ላይ ቢመጡ ኖሮ ጨለማ ሱቅ ውስጥ ነበር የምናገኛቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያነበው ወረቀት ላይ ሰዓት በቁጥር ብቻ አልጽፍም። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብዬ ነው፤ «ከጠዋቱ» የምትለዋ ቃል መዓት ጣጣ ታድናለች።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ጥር 21 ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አስተርዮ ማርያም። እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ እንደነበር አስቡት። «ጋሼ በማርያም ቀን ሥራ አይዙም» አሉኝ። በዚያው ወደ ማክሰኞ፣ ጥር 20 አመጣሁት። ቅዳሜና እሁድ ቴአትር አለባቸው፤ ዓርብ ደግሞ የተከታታይ ድራማ ቀረጻ። ማክሰኞ ነፃ ነበሩ።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። «ምስጋናውን አነበብኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ስንት ትከፍላለህ?»

በአካል ተገናኝተን ብዬ ልጀምር ስል አቋረጡኝ። ቆጣ ብለው አይደለም፤ ደከም ብሏቸው። «እኔ በአካል ላግኝህ ብል ግማሽ ቀኔ ነው። ከሣር ቤት ፒያሳ መምጣት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ብርህ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው ብለህ ጻፍ፤ እኔ አንብቤ እወስናለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። ሆሊውድ ውስጥ አንድ ወኪል በተለምዶ የሚያገኘው ተዋናዩ ከሚከፈለው 10 ከመቶ ነው። የወይዘሮዋና የጋሼ ውል ምን እንደሚል አልጠየቅኩም፤ አይመለከተኝም። ግን እንደዚያ ነው እንበል። እኔ ለጋሼ ያለኝ 30 ሺህ ብር ነው። የወይዘሮዋ ድርሻ 3 ሺህ ይሆናል ማለት ነው። ለ3 ሺህ ብር አራት ስልክ፣ አንድ ስብሰባና ሁለት አንቀጽ ውዳሴ ላሸክማቸው ነበር። ደብዳቤዬ ለጋሼ የተጻፈ ነበር እንጂ ለእሳቸው አልነበረም። ጋሼን ማሞገስ ወኪላቸው ጠረጴዛ ላይ ምንም አይሠራም። ጋሼ ትልቅ ተዋናይ መሆናቸውን ከእኔ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ሌሎቹ ጥያቄዎቻቸው ግን ያልጠበቅኳቸው ነበሩ።

«ጢማቸውን ትነካላችሁ?» አሉኝ። ስክሪፕታችን ላይ ሰዓት ሠሪው «ፂሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ» ይላል። ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ዳይሬክተሩም አያውቅም። ጋሼ በድራማው ላይ ሽበት የወረረው ጢም አላቸው፤ ማክሰኞ ብንላጫቸው ዓርብ ሌላ ሰው ሆነው ነው የሚቀርቡት። የአንድ ቀን ሥራ የሦስት ወር ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ያን ዐረፍተ ነገር ዕለቱን ከስክሪፕቱ አወጣነው።

«ፖስተሩ ላይስ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ምክንያቱም በልቤ የነበረው እሱ ነው። መንገድ ላይ የሚለጠፉ የፊልም ፖስተሮችን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መሃል ላይ አንድ የታወቀ ሰው ፊት ግዙፍ ሆኖ ይሳላል። ሲኒማ ገብታችሁ ስታዩ ያ ሰው አንድ ጊዜ በር ከፍቶ «ደህና ዋላችሁ» ብሎ ይወጣል። ተመልካቹ የሚቀየመው በፕሮዲውሰሩ አይደለም፤ ስሙን አያውቀውም። የሚቀየመው በተዋናዩ ነው። ወይዘሮዋ ከክፍያው ይልቅ የሚፈሩት ይህን ነበር። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ የጋሼን ፊት ሰዓት ከያዘ እጅ ጋር ፖስተር ላይ አስቀምጬ በሐሳቤ ጨርሼዋለሁ።

ሁለተኛው ፍርሃታቸው የዋጋ ነው። ገንዘቡ ማነሱ ብቻውን አያስጨንቃቸውም። የሚያስጨንቃቸው ወሬው ነው። ጋሼ በ30 ሺህ ብር ሠሩ የሚለው አንድ ጊዜ ከወጣ የሚቀጥለው ፕሮዲውሰር ከዚያ ተነስቶ ነው የሚደራደረው፤ እሱ ግን የሚሠራው የማስታወቂያ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወኪል ትንሽ ክፍያ ሲቀበል ትንሽነቱ እዚያው እንዲቀር የሚያደርግ ነገር ይፈልጋል። (ይኸው እኔ አሁን ብሩን ጻፍኩት። አስፈቅጃለሁ፤ «ስሙን ካልጻፍክ ጻፈው» ብለውኛል።)

ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ሁለተኛው ደብዳቤ ይህ ነው፤ ስሞቹን ብቻ አውጥቻለሁ።

«ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ለጋሼ የአንድ ቀን የአጭር ፊልም ሥራ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ። በስልክ እንደነገርኩዎት ጋሼ በ14 ደቂቃ ፊልማችን ላይ ሰዓት ሠሪውን እንዲጫወቱልን እንጠይቃለን። ሚናው ትንሽ ነው፤ ሁለት ትዕይንት፣ አሥራ አንድ ንግግር። ሙሉው ስክሪፕት ከዚህ ጋር አለ፤ የእሳቸው ትዕይንቶች ገጽ 4 እና ገጽ 11 ላይ ይጀምራሉ። ለሙከራ ይምጡልን አንልም፤ ሚናው ከፈለጉት የእሳቸው ነው።

ቀረጻው ማክሰኞ ጥር 20 ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው። ቦታው ፒያሳ፣ ሱቅ ውስጥ ነው፤ መንገድ ላይ የሚቀረጽ የለም። መኪና ከቤታቸው ወስዶ ይመልሳቸዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ባንጨርስም እንለቃቸዋለን። ጢማቸውና ጠጉራቸው አይነካም።

ክፍያው 30 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ሲፈርሙ በቀብድ፣ ግማሹን በዕለቱ ከመሄዳቸው በፊት እንከፍላለን። ከዚህ በላይ መክፈል አንችልም። በፊልሙ ላይ በቀን ከእሳቸው የበለጠ የሚከፈለው ተዋናይ የለም፤ መሪ ተዋናይቷም በቀን የምታገኘው ይህንኑ ነው። መጠኑን ለማንም አንናገርም፤ ለሌላ ሥራም መነሻ ተደርጎ አይቆጠርም። በኤዲቲንግ ትዕይንቱ ቢወጣ ክፍያው አይቀነስም፤ ፊልሙ ከመታየቱ በፊትም እንነግርዎታለን።

ስማቸው መጨረሻ ላይ «በልዩ ተሳትፎ» ተብሎ ለብቻው ይወጣል። ፎቷቸውን በፖስተርም ሆነ በማስተዋወቂያ ያለእርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ አንጠቀምም። ፊልሙ ለፌስቲቫል ነው። ቴሌቪዥን ወይም ሌላ ገዢ ከመጣ ስለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንነጋገራለን።

እስከ ጥር 5 መልስዎን እንጠብቃለን። እስከዚያ ድረስ ሚናውን ለሌላ ሰው አንሰጥም፤ የጋሼንም ስም ለማንም አንጠራም። ካልተመቻቸውም እንረዳለን።»

ይኸው ነው። ከአንድ ገጽ ትንሽ ያነሰ። ምስጋና የለበትም። ዳይሬክተሩ ሲያነበው «የቤት ኪራይ ውል ይመስላል» አለኝ። «ጋሼን ለምን እንደመረጥናቸው እንኳ አይልም።» ልክ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርን፦ «በቴአትር መድረክ ላይ ዝም ሲሉ አይተናቸዋል፤ ሰዓት ሠሪው የሚያስፈልገው ያንን ዝምታ ነው።» ከሁለቱ አንቀጽ ዋርካ ይህ የተሻለ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ለሌላ ተዋናይ ገልብጠን ልንልከው አንችልም።

ስለ አንዳንዱ መስመር ላውራ፤ በቀላሉ የወጣ ስለማይመስለኝ።

«ሚናው ትንሽ ነው» የምትለዋን ለመጻፍ ከብሩ ቁጥር በላይ ነው የታገልኩት። እጄ ወደ «ትንሽ ነገር ግን» ይሄዳል። ወኪል ግን ያቺን «ነገር ግን» ባየ ቁጥር ስክሪፕቱን ከፍቶ ንግግር ይቆጥራል። ቆጥሮ አሥራ አንድ ካገኘ ሌላውንም ነገር መጠራጠር ይጀምራል። እኔው ቆጥሬ ካስቀመጥኩለት መቁጠሩ ይቀራል። የገጹን ቁጥር መጻፍም ለዚሁ ነው። ገጾቹን ብቻ ቆርጬ ልልክ አስቤ ነበር፤ ወይዘሮዋ ግን ቀደም ብለው «ሙሉውን ላክ፤ የቀረው ገጽ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ ጋሼን አላስገባም» ብለውኛል። ትክክል ናቸው። የእሳቸው ትዕይንት ጨዋ ሆኖ ከሁለት ገጽ በኋላ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል።

«ሰባት ሰዓት ላይ ባንጨርስም እንለቃቸዋለን» የምትለዋ ዳይሬክተሩን አስቆጥታዋለች። ግን ሒሳቡን ሠራን። እንደኛ ያለ ትንሽ ቡድን ሙሉ ቀን ካለው አራት አምስት ገጽ ይቀርጻል። ሁለት ገጽ ከሩብ በስድስት ሰዓት ውስጥ የማይሆን ነገር አይደለም፤ ፀሐይዋን የምትፈልገውን ትዕይንት ካስቀደምን። ገንዘብ የሌለው ፕሮዲውሰር ለታወቀ ተዋናይ ሊሰጥ የሚችለው ዋና ነገር ጊዜውን አለማባከን ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ በነፃ ወይም በትንሽ ብር ጠርተን «ትንሽ ይጠብቁን» እያልን እስከ ማታ እናስቀምጣለን።

ቀብዱንም ዳይሬክተሩ አልወደደውም ነበር። አጭር ፊልም ላይ የተለመደው «ፊልሙ ሲሸጥ እንከፍላለን» ነው። አጭር ፊልም ደግሞ አይሸጥም ማለት ይቻላል። እኔም ወጣት ሳለሁ ፈርሜ ሠርቼ እስካሁን የምጠብቀው ክፍያ አለኝ፤ የማን እንደሆነ ይቅር። እና ለጋሼ ያንን መጻፍ አልቻልኩም። ሠላሳ ሺውን ከመብራት ኪራይ ነው የቀነስነው። ለዚህም ነው ያቺ የጠዋት ፀሐይ የምታስፈልገን።

የሚያስቸግረው መልሱን የመጠበቁ ነገር ነበር። ደብዳቤውን በኢሜይልም በቴሌግራምም ላክሁ። ቴሌግራሙ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ወጡ፤ ተነቧል። ከዚያ ዝም። ገና መጣ፤ ዝም። በዚህ መሃል አንድ ሊደግፈን የሚችል ሰው «ማን አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። የጋሼ ስም ምላሴ ላይ ነበር። ያን ስም ብጠራ ገንዘቡ ሊመጣ ይችል ነበር። «እየተነጋገርን ነው» ብዬ ብቻ አለፍኩት። ሰውየው አልደገፈንም። አዲስ አበባ ጠባብ ናት፤ ፒያሳ የተባለው ሣር ቤት ከሰው ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

ዳይሬክተሩ እንደገና ሀገር ፍቅር በር ላይ ልቁም አለ። ከለከልኩት። ወኪሏን ዘልለህ ጋሼን ካገኘህ ሊያሳዝኑህ ስለማይፈልጉ እንደገና «እሺ» ይሉሃል፤ ከዚያ ያንን «እሺ» እንዳይሆን የሚያደርጉት ወይዘሮዋ ናቸው፤ ሁለተኛ ደብዳቤህን አይከፍቱም።

ጥር 3 ደወሉ። ሁለት ነገር ጠየቁ። አንዱ ሚናው ትንሽ ሊሰፋ ይችል እንደሆነ ነበር። አይችልም አልኩ። ፊልሙን ልንልክባቸው ከምንፈልጋቸው መካከል የካን ፌስቲቫል አለ፤ የአጭር ፊልም ውድድሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም። እኛ ከነስም ዝርዝሩ 14 ላይ ነን። አንድ ገጽ ብንጨምር ሌላ ገጽ ማውጣት ሊኖርብን ነው፤ የሚወጣውም የልጅቷ ነው። «ደግ፤ እንዲሁ ነው የጠየቅኩት» አሉ። ሥራቸው ነው፤ ካልጠየቁማ ምኑን ወኪል ሆኑ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከጋሼ ነው።

«ሰዓት ሠሪው መነጽር ያደርጋል ወይ ይላሉ።»

ስክሪፕቱ ላይ የለም። ዳይሬክተሩን አየሁት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። «ያደርጋል» አልኩ።

«እንግዲያው የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ እጀታው ተሰብሮ በክር የታሰረ አሮጌ መነጽር አላቸው። መኪናው ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በር ላይ ይሁን፤ ጋሼ ማርፈድ አይወዱም።»